120 ታካሚ ጠይቄ ማንን ልምከር?

ጥያቄ፦ «ነርስ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል። በአንድ ሆስፒታል የደም ግፊት ክትትል ክፍል 120 ታካሚዎችን ጠይቄ 54ቱ (45%) መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደማይወስዱ ነገሩኝ። ስለ መድኃኒቱ በቂ ማብራሪያ አላገኘንም ካሉት 40 ሰዎች 24ቱ፣ አግኝተናል ካሉት 80 ደግሞ 30ዎቹ በአግባቡ አይወስዱም። ኦድስ ሬሾው 2.5 ነው (ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ1.15 እስከ 5.44)። ለፆታ 1.4 ነው (ከ0.67 እስከ 2.92)። መደምደሚያዬን እንዲህ ጻፍኩ፦ ‹በደም ግፊት ታካሚዎች ዘንድ መድኃኒትን በአግባቡ አለመውሰድ ከፍተኛ ነው። በቂ ማብራሪያ አለማግኘት ችግሩን በ2.5 እጥፍ ይጨምራል። ፆታ ተጽዕኖ የለውም። ስለዚህ የጤና ሚኒስቴር በሁሉም ሆስፒታሎች የምክር አገልግሎት ማስጀመር አለበት። ተጨማሪ ጥናትም ያስፈልጋል።› አማካሪዬ ‹ከዳታሽ በላይ ነው› ብለው መለሱልኝ። ስቆርጠው ግን ምንም የሚቀር አይመስለኝም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አማካሪዎ ልክ ናቸው። «ሲቆረጥ ምንም አይቀርም» የሚለው ስጋት ግን ልክ አይደለም። በእጅዎ ያለው ነገር ከጻፉት ይበልጣል፤ የተደበቀው ከትልልቅ ቃላት ሥር ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አንድ በአንድ እንሂድበት።

የመጀመሪያው «በደም ግፊት ታካሚዎች ዘንድ» ይላል። የትኞቹ? እርስዎ ያገኟቸው በእነዚያ ወራት ወደዚያ ክፍል የመጡትን ነው። ቀጠሮ ትቶ፣ መድኃኒቱንም ትቶ ቤቱ የተቀመጠው ሰው የመጠየቅ ዕድል አልነበረውም። ከሁሉም በላይ መድኃኒት የማይወስደው ደግሞ እሱ ነው። በዚያ ላይ የጠየቀችው ነርስ ናት። ነርስ ፊት ተቀምጦ «አልወስድም» ማለት ይከብዳል፤ ብዙ ሰው ትንሽ ያሳምረዋል።

ሁለቱም ነገሮች ቁጥሩን የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ታች። ስለዚህ በሆስፒታሉ ከተመዘገቡት የደም ግፊት ታካሚዎች ሁሉ ብንቆጥር መድኃኒቱን በአግባቡ የማይወስደው ከ45% ሊበልጥ ይችላል። ይህን «ውስንነት» በሚለው ክፍል ጥግ ላይ ቀብረውት ከሆነ አውጥተው መደምደሚያው ውስጥ ያስገቡት። «ጥናቱ ውስንነት አለበት» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። «ውስንነቱ ቁጥሩን ሳያሳንሰው አልቀረም» ማለት ግን ዕውቀት ነው።

«ከፍተኛ» የሚለው ቃል ይውጣ። ከምን አንጻር ከፍተኛ? ያነጻጸሩት ነገር የለም። ቁጥሩን ከነ ኢንተርቫሉ ይስጡ፤ 45% ከ120 ሰው ሲወሰድ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ በግምት ከ36% እስከ 54% ነው። ይህ ማለት መረጃዎ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ካለ እውነታም ጋር፣ ከግማሽ ትንሽ ካለፈ እውነታም ጋር ይስማማል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ኢንተርቫሉ የሚሸፍነው ከናሙና ዕድል የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። ቤታቸው የቀሩትን ሰዎች አያውቃቸውም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ረዘም እላለሁ፤ የብዙ ቴሲስ ጣጣ እዚህ ነው ያለው። ሁለት ስህተት ተደራርቦበታል።

የመጀመሪያው 2.5 የሚለው ቁጥር ነው። «ችግሩን በ2.5 እጥፍ ይጨምራል» ሲባል አንባቢው የሚረዳው ከ100 ሰው 20 የነበረው 50 ሆነ ብሎ ነው። ኦድስ ሬሾ እንዲህ አይነበብም። ኦድስ ማለት የማይወስዱት በሚወስዱት ሲካፈል ነው። ማብራሪያ ካላገኙት 24ቱ አይወስዱም፣ 16ቱ ይወስዳሉ፤ 24 ለ16 ሲካፈል 1.5። ካገኙት 30ዎቹ አይወስዱም፣ 50ዎቹ ይወስዳሉ፤ 0.6። 1.5ን ለ0.6 ሲያካፍሉት ነው 2.5 የመጣው። ተራውን መቶኛ ቢያነጻጽሩ ግን 60% እና 37.5% ነው። ይህ 1.6 እጥፍ ነው። ነገሩ እምብዛም የማይከሰት ቢሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡ ነበር። የእርስዎ ጉዳይ ግማሽ ያህሉን ሰው የሚነካ ስለሆነ ኦድስ ሬሾው ያጋንነዋል። 2.5 ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ። መደምደሚያ ውስጥ «60% በተቃራኒው 37.5%» ብለው ይጻፉ። እሱን ማንም ይረዳዋል፤ ማንም አያጣምመውም።

ኢንተርቫሉንም አይርሱት። ከ1.15 እስከ 5.44 ማለት ግንኙነቱ በጣም ትንሽም፣ በጣም ትልቅም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 40 ሰው ባለበት አንድ ወገን ሦስት ሰው መልሱን ቢቀይር ታሪኩ ይለወጣል። ቢያምኑም ባያምኑም ይሞክሩት፤ 24ቱን 21 አድርገው እንደገና ያስሉት። ኢንተርቫሉ 1ን ያቋርጣል፤ «ጉልህ» የተባለው ውጤት ይጠፋል።

ሁለተኛው ስህተት «ይጨምራል» የሚለው ግስ ነው። ትንሽ ቃል ናት፤ ግን ሙሉውን ክስ የተሸከመችው እሷ ናት። «ይጨምራል» ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ነው። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ ነው የጠየቁት። የቱ ቀድሞ እንደመጣ የሚያሳይ ነገር በእጅዎ የለም።

እንዴት ሊገለበጥ እንደሚችል ይመልከቱ። ቀጠሮ የሚዘል ታካሚ መድኃኒቱንም ይዘላል፤ ሳይመጣ ደግሞ ማን ያብራራለት? እዚህ ላይ ማብራሪያ ማጣቱ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። ወይም መድኃኒቱን ያቆመ ሰው «ለምን?» ሲባል ማመካኛ ይፈልጋል፤ «ማንም አልነገረኝም» ለአፍ ይቀላል። ወይም ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይኖራል። አምስት ዓይነት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ማብራሪያው ሁሌም ያንሰዋል፤ መድኃኒቱንም በትክክል መውሰድ ይከብደዋል። እርስዎ የለኩት ማብራሪያ መሰጠቱን ሳይሆን ታካሚው መሰጠቱን ማስታወሱን ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ምን ይባላል? «በቂ ማብራሪያ አላገኘንም ባሉት ዘንድ መድኃኒት በአግባቡ የማይወስዱት በዝተው ታይተዋል» ይባላል። «ታይተዋል» የሚለው ግስ ያዩትን ብቻ ይናገራል። «ግንኙነት አለው»፣ «አብሮ ታይቷል»፣ «በዝቶ ተገኝቷል» ሁሉም ይሆናሉ። «ያስከትላል»፣ «ይቀንሳል»፣ «ተጽዕኖ ያሳድራል»፣ «ምክንያት ነው» ግን ለዚህ ዓይነት ጥናት አይፈቀዱም። «ወሳኝ ምክንያቶች» የሚል ቃል በርዕሱ ላይ ካለም ይፈትሹት። ብዙ ጊዜ በሩን ቆልፈን በመስኮት የምናስገባው እዚያ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። «ፆታ ተጽዕኖ የለውም» አይባልም። ኢንተርቫሉን ይዩት፤ ከ0.67 እስከ 2.92። የላይኛው ጫፍ ወደ ሦስት ይጠጋል። አሁን ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ካደረጉት ከማብራሪያው 2.5 ጋር ያነጻጽሩት፤ ጥናትዎ ያንን የሚያህል የፆታ ልዩነት እንኳ የለም ብሎ ማስተባበል አልቻለም። ስለዚህ «ናሙናው ልዩነት መኖር አለመኖሩን ለመለየት አልበቃም» ነው ትክክሉ። ከፈለጉ ጨርሶ ከመደምደሚያው ይተዉት፤ ሰንጠረዡ ውስጥ አለ፤ አይጠፋም።

አሁን ወደ ምክረ ሐሳቡ። እኔ ራሴ እዚህ ላይ ተቀጥቻለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ለአንድ ጆርናል ስልክ ከገምጋሚዎቹ አንዱ «አንድ ኮሪደር አጥንተህ አህጉር መከርክ» ብሎ መለሰልኝ። ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሳነበው የጻፍኳቸው ሰባት ምክሮች ውስጥ አምስቱ ከጥናቱ በፊት በጭንቅላቴ የነበሩ ናቸው። ዳታው አልወለዳቸውም።

አንድ ቦታ ላይ የተገኘ ውጤት ለሁሉም ሲታዘዝ ምን እንደሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ። በ2001 ኢማኑኤል ሪቨርስ እና ባልደረቦቹ በዲትሮይት በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 263 የከባድ ሴፕሲስ ታካሚዎችን በዕጣ ከፈሉ። አንዱ ወገን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ጥብቅ የሕክምና ቅደም ተከተል ተደረገለት። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት በዚህ ወገን 30.5%፣ በተለመደው ሕክምና 46.5% ሆኑ። ትልቅ ልዩነት ነው። አሠራሩ ዓለም አቀፍ መመሪያ ውስጥ ገባ። በ2014 እና በ2015 በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች፣ በእንግሊዝም በብዙ ሆስፒታሎች ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ተሠሩ። ሦስቱም በሞት ላይ ልዩነት አላገኙም።

የሪቨርስ ጥናት ውሸት ነበር ማለት አይደለም። «የተለመደ ሕክምና» የሚባለው ነገር ግን ከቦታ ቦታ፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በኋለኞቹ ጥናቶች በተለመደው ሕክምና የሚሞተው ሰው ከመጀመሪያውም በጣም ያነሰ ነበር፤ አንቲባዮቲክ ቶሎ መስጠቱና ፈሳሽ ቶሎ መተካቱ በየቦታው ተለምዶ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስታጠኑ የምትለኩት ያንን ቦታም ጭምር ነው። እሱ ደግሞ በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት ነበር። የእርስዎ ግን መጠይቅ ነው።

እንግዲህ የእርስዎን ጥናት ይዘው ለሚኒስቴር ከመሄድዎ በፊት ለእያንዳንዱ ምክር ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከየትኛው ሰንጠረዥ ነው የመጣው? የሚሰማው ሰው በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው ይችላል? ተሳስቼ ብገኝ ምን ይጠፋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅመኛል። ማስረጃ ደካማ ሲሆን ዝም እንበል ማለት አይደለምና። ርካሽ፣ ጉዳት የሌለውና ነገ ሊቆም የሚችል ነገር በደካማ ማስረጃም ሊሞከር ይችላል። ውድ የሆነና ለመመለስ የሚያስቸግር ነገር ጠንካራ ማስረጃ ይፈልጋል። በሁሉም ሆስፒታሎች አዲስ አገልግሎት መጀመር የሰው ኃይል፣ ሥልጠናና በጀት ይበላል። ለዚያ 120 ሰው አይበቃም። በአንድ ክፍል ውስጥ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት «መድኃኒትዎን እንዴት እንደሚወስዱ እስኪ ለእኔ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ግን የሚበላው ጥቂት ደቂቃ ነው። ባይሠራ እንኳ የሚጎዳ ሰው የለም።

ስለዚህ ምክሩን ለክትትል ክፍሉ ያድርጉት፤ «ይተግበር» ሳይሆን «ይሞከርና ይለካ» ይበሉ። እንዴት እንደሚለካም ይጻፉ። ለምሳሌ ክፍሉ ለሦስት ወር ይህን ጥያቄ ይሞክር፤ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያው መጠይቅ ይሞላ። ከታካሚው ቃል በተጨማሪ መድኃኒቱን በሰዓቱ መልሶ መውሰዱ ከፋርማሲው መዝገብ ይታይ። ያኔ የማሳመሩ ነገር በከፊል ይፈታል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስለሌለው ይሄም እርግጠኛ መልስ አይሰጥም፤ ግን ክፍሉ ለራሱ ውሳኔ የሚሆን ፍንጭ ያገኛል።

ሌላ አንድ ምክር አለ፤ ከውጤቱ ሳይሆን ከውስንነቱ የሚወጣ። ክፍሉ ከመዝገቡ ቀጠሮ ያቋረጡትን ይቁጠር። ስንት እንደሆኑ ሳይታወቅ 45%ም ትርጉሙ ግማሽ ነው። ይህን ማድረግ ምንም ጥናት አይጠይቅም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎ ፎርማት «ለፖሊሲ አውጪዎች» የሚል ንዑስ ርዕስ የሚያስገድድ ከሆነስ? ብዙ ቦታ አለ፤ ተማሪውም ባዶ ላለመተው የሆነ ነገር ይደረድራል። ባዶ አይተዉት፤ አያጋንኑትም። «የአንድ ሆስፒታል ውጤት ለአገር አቀፍ ውሳኔ ስለማይበቃ ጉዳዩ በርካታ ሆስፒታሎችን ባካተተ ጥናት እንዲታይ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ከፍ ያለ ነገር ለመናገር ከፈለጉ የሌሎችን ጥናት ይዋሱ። በሌሎች ቦታዎች ተመሳሳይ ውጤት ከተገኘ በውይይት ክፍሉ ውስጥ የማን እንደሆነ ጠቅሰው ይናገሩት። የተዋሱትን እንደ ራስዎ ግኝት መደምደሚያ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥልጠና፣ የመገናኛ ብዙኃን ዘመቻ፣ የሠራተኛ እጥረት... አንዱንም አልጠየቁም። ያልጠየቁትን አይምከሩ።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው አምስተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ሲቀመጥ ባዶ ነው። ምን ዓይነት ጥናት? ማንን? ስንት ሰው? እርስዎ ካሉት ቁጥር ተነስቶ ማስላት ይቻላል። የማብራሪያ ዘዴ 45%ን ወደ 30% ያወርድ እንደሆነ ለማየት፣ በተለመደው 80% የስታቲስቲክስ ኃይል እና 5% የጉልህነት ደረጃ፣ በእያንዳንዱ ወገን 160 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰዎችን አንድ በአንድ በዕጣ ከከፈልን ነው። ክፍሎችን በጅምላ ከከፈልን ቁጥሩ ያድጋል፤ የአንድ ክፍል ታካሚዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፉ ቀጣዩ ተማሪ ከእርስዎ ይነሳል።

ሁሉንም ሳገጣጥመው የእርስዎ መደምደሚያ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በጥናቱ ወቅት ወደ ክትትል ክፍሉ ከመጡ 120 የደም ግፊት ታካሚዎች 54ቱ (45%፤ ከ36% እስከ 54%) መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደማይወስዱ ተናግረዋል። ክትትል ያቋረጡት ስላልተካተቱና መረጃው ከታካሚዎች ቃል የተወሰደ ስለሆነ ትክክለኛው መጠን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በቂ ማብራሪያ አላገኘንም ባሉት ዘንድ መጠኑ 60%፣ አግኝተናል ባሉት 37.5% ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለተለኩ ማብራሪያ ማጣት ለችግሩ ምክንያት መሆኑን ይህ ጥናት አያሳይም። ክፍሉ ታካሚው አወሳሰዱን በራሱ አንደበት እንዲናገር የማድረግ ዘዴን ለሦስት ወር ሞክሮ በመጠይቅና በፋርማሲ መዝገብ እንዲለካ፣ ክትትል ያቋረጡትንም ከመዝገብ እንዲቆጥር ይመከራል።»

ከቀድሞው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ አንዳንድ ሰው «አጋነንክ» ሲባል ወደ ሌላኛው ገደል ይገባል። «ምናልባት ሊሆን እንደሚችል ሊጠቁም ይችላል» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ከ120ው 54ቱ እንደዚያ ማለታቸው «ምናልባት» አይደለም፤ ሆኗል። ያዩትን በድፍረት ይናገሩ፤ «ሊሆን ይችላል»ን ላላዩት ያስቀምጡት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ይበቃል።

በ2007 የወጣውና ለእንደዚህ ዓይነት ጥናቶች የሚያገለግለው ስትሮብ የተባለ 22 ነጥብ ያለው የአጻጻፍ ዝርዝር አለ። ውስንነትን፣ ትርጓሜንና ውጤቱ ለሌላ ቦታ መሥራት አለመሥራቱን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው። ውስንነት ላይ ከእነ አቅጣጫው እንዲጻፍም ይላል። ለአማካሪዎ ሲመልሱ አብረው ቢያያይዙት ክርክሩን ያሳጥርልዎታል።

ሲጨርሱ አብስትራክቱን አይርሱ። ገጽ 60 ላይ የተስተካከለው መደምደሚያ አብስትራክቱ ላይ ሳይነካ «2.5 እጥፍ ይጨምራል» እያለ ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኛው አንባቢ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ፈታኞችዎም ዲፌንሱ ጠዋት ላይ መጀመሪያ የሚገልጡት እሱን ነው።